በማን ሰዓት?

ደመወዝ ከሚከፍለው ክፍል በስተቀር የልጅቷን ስም የሚያነሣ በቢሮው ውስጥ አልነበረም። ለሌላው ሁሉ «ወይዘሪት መቼ» ነበረች። ስሙ የወጣላት ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ቀን ነው። ሥራ አስኪያጁ በበሩ ብቅ ብለው «ያንን ነገር ቶሎ ላኪላቸው» አሏት። እሷም ብዕሯን አንሥታ «የቱን ነገር? ለማን? እስከ መቼ? በማን ሰዓት?» አለቻቸው። ሥራ አስኪያጁ አራቱንም ጥያቄ ሰሙና በሩን መልሰው ዘጉት። በዚያው ሳምንት ደግሞ እሷ በበኩሏ «አቶ ቶሎ» የሚል ስም አወጣችላቸው። የሳቸው ስም በቢሮው ተዛምቶ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከነሱ በታች ያለው መነጽር ሻጭ ሳይቀር እንዲያ ብሎ ነበር የሚጠራቸው፣ እርግጥ ዞር ሲሉ ጠብቆ።

ድርጅቱ የሕንፃ ቧንቧ ንድፍ ይሠራል። ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ማለት ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፣ ግን ሠራተኞቹ እንደ ተበተነ ምስር በየአገሩ ናቸው። ስሌቱን የምታወጣው መሐንዲስ ከቢሮው በስተ ምሥራቅ ትኖራለች፣ ሰዓቷ ከቢሮው በአምስት ይቀድማል። ንድፉን የሚሥሉት አዛውንት በስተ ምዕራብ ይኖራሉ፣ ሰዓታቸው በሰባት ወደ ኋላ ይቀራል። ቢሮው ውስጥ 12:00 ሲል ሰው ለምሳ ይነሣል፤ መሐንዲሷ ዘንድ 17:00 ስለሆነ ቦርሳዋን ትሸክፋለች፤ አዛውንቱ ዘንድ 05:00 ነው፣ እሳቸው ገና አልጋ ላይ መሆን ነበረባቸው። ወይዘሪት መቼ የተቀጠረችው በእነዚህ ሦስት ሰዓቶች መካከል የሚመላለሰውን መልእክት ሁሉ ተቀብላ፣ ማንም ሰው በየትኛውም አገር ሆኖ አሳስቶ ሊያነበው እንዳይችል አድርጋ እንደገና እንድትጽፈው ነው።

የመሐንዲሷ መልእክት ብቻውን አንድ ጠዋት ይፈጃል። ሴትዮዋን ሁሉም «ሰላምታ» ይሏታል፤ ምክንያቱም በአሥራ አምስት መስመር ውስጥ አሥራ ሦስቱ የጤና፣ የቤተሰብና የአየር ጠባይ ጥያቄ ነው። ጉዳዩ መጨረሻ ላይ፣ ያውም እያፈረ ይመጣል፦ «እንዲያው ጊዜ ካገኙና ካልከበደዎት፣ ያ የሦስተኛው ፎቅ ነገር በቅርቡ ቢታይ ደስ ይለኛል።» ወይዘሪት መቼ ይህን ታነብና መሐንዲሷ ጋ ትደውላለች። ስታናግራት ቆይታ ስልኩን ስትዘጋ መልእክቱ እንዲህ ይሆናል፦

«ሰላም ለእርስዎ። ጥያቄ፦ የሦስተኛው ፎቅ የፍሳሽ ቧንቧ ከምሰሶው ጋር ተጋጭቷል፣ ንድፉ ይታረም። የሚያርመው፦ ጋሽ ማስመሪያ። የሚፈለገው፦ ሐሙስ እስከ 16:00 በቢሮው ሰዓት፤ ይኸውም 09:00 በጋሽ ማስመሪያ፣ 21:00 በመሐንዲሷ። ካልደረሰ፦ ግንበኞቹ ዓርብ ግድግዳውን ይዘጉታል።»

ጋሽ ማስመሪያ ማለት አዛውንቱ ናቸው። ከአሥራ ሦስቱ የሰላምታ መስመር አንዷን ብቻ ሳትሰርዝ ታቆያለች፤ ሁሉንም ብትጥል መሐንዲሷ ትቀየማለች። ጠዋት፣ ማታ፣ ነገ፣ በቅርቡ፣ በተለመደው የሚሉ ቃላት ግን አይኖሯትም። ሰዓት ከ00:00 እስከ 23:59 ነው፣ አለቀ።

በዚህ ነገር እጅግ ኩራተኛ ነበረች። እቤት ውስጥ ግን ማንም አያደንቃትም። እናቷ «ስትመጪ ያንን ነገር ይዘሽልኝ ነይ» የሚል መልእክት ይልኩላታል። «የቱን ነገር እማዬ?» ስትላቸው «አንቺ ታውቂዋለሽ» ይላሉ። ትክክል ናቸው፣ ታውቀዋለች፤ ቢሆንም ሦስት መልእክት ሳታስጽፋቸው አትገዛም። «ልጄ» አሏት አንድ ቀን፣ «ሰው ለማግባት ቢጠይቅሽ እኮ የምትመልሽለት በማን ሰዓት ብለሽ ነው።»

ሰኞ ዕለት አቶ ቶሎ ቢሯቸው አስጠሯት። ወንበር ጋበዟት። አቶ ቶሎ ሰውን ቁጭ በል ካሉ ነገር አለ።

«አንድ ለስለስ ያለ መልእክት አለ» አሉ ኮምፒውተራቸውን ወደሷ እያዞሩ። «ለጋሽ ማስመሪያ ነው። ጀምሬዋለሁ፣ አንቺ ደግሞ አስተካክዪው።»

ጎንበስ ብላ አነበበች። «እስካሁን የነበረን መልካም ግንኙነት፣ ከጊዜው ሁኔታ አንጻር፣ ወደፊት በሌላ መልክ ሊታይ እንደሚችል በአክብሮት እየገለጽን...» ይላል። ሁለተኛ አነበበች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እየተሾሙ ነው እየተባረሩ?»

«እየተሰናበቱ ነው» አሉ አቶ ቶሎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በስተ ምዕራብ ያሉት ሰውዬ የሚሰሟቸው ይመስል። «ያረፍዳሉ። ሦስት ጊዜ! ደንበኛ ፊት ዋሽቻለሁ በእሳቸው ምክንያት። ደግሞ አንድ ልጅ አግኝቻለሁ፣ ከዚህ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው የሚኖረው፣ በመስኮት ብጠራው ይሰማኛል። ውላቸው በሚቀጥለው ወር ያልቃል፣ አናድስም።»

«እስከ መቼ ነው ማስታወቅ ያለብን?»

አቶ ቶሎ ፊታቸው ፈካ። ለዚህ ጥያቄዋ ለአንዴም ቢሆን መልስ አላቸው። «ረቡዕ 17:00 በቢሮው ሰዓት። ውሉን አንቺው አይደለሽ ያስተካከልሽው? ያ ሰዓት ካለፈ ለአንድ ዓመት በራሱ ይታደሳል ብለሻል።»

ልክ ናቸው። እሷው ነበረች። ትንሽ ከፋት። ጋሽ ማስመሪያን በአካል አይታቸው አታውቅም፤ ግን በየንድፉ ጥግ ላይ «ቸኩዬ አይደለም የሠራሁት» ብለው በትንንሽ ፊደል ይጽፋሉ፣ እሷም ያንን ባየች ቁጥር ትስቃለች። ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው። በዚህ ዕድሜ ሌላ ቢሮ ማን ይወስዳቸዋል? ይህንን አቶ ቶሎም ያውቃሉ፤ ለስለስ ያለ መልእክት የፈለጉትም ለዚሁ ነው።

«እሺ» አለች። «ግን ምክንያቱን እፈልጋለሁ። መቼና መቼ እንዳረፈዱ።»

«ሦስት ጊዜ በዪ፣ በቃ።»

«እሱ ምክንያት አይደለም፣ ቁጥር ነው። የትኛው ቀን? ስንት ሰዓት ተባሉ? ስንት ሰዓት አደረሱ? በማን ሰዓት?»

«ፈልጊያ!» አሉ አቶ ቶሎ እጃቸውን እያወናጨፉ። «ሁሉም መዝገቡ ላይ አለ። ቶሎ ብቻ።»

መዝገቡ የሚባለው የመልእክቶች ሁሉ ማከማቻ ነው። ማን፣ ለማን፣ በስንት ሰዓት እንደላከ አንድ በአንድ ይቀመጣል። ወይዘሪት መቼ እዚያ ውስጥ ስትገባ ሌላ ሰው ገበያ ሲገባ የሚሰማው ዓይነት ደስታ ይሰማታል። በሩን ዘጋች፣ ነጭ ወረቀት አወጣች፣ ሦስት ዓምድ ሠራች፦ ቢሮው፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ።

የመጀመሪያው ማርፈድ እሷ ከመቀጠሯ ከአንድ ወር በፊት የሆነ ነው። አቶ ቶሎ «እስከ ዓርብ መጨረሻ ይድረሰኝ» ብለው ጽፈዋል። ጋሽ ማስመሪያ ዓርብ 16:40 በሳቸው ሰዓት ልከዋል። ዓምዶቹ ላይ አሰፈረችው፤ ቢሮው ዘንድ ዓርብ 23:40 ነው። እንግዲህ በሳቸውም ዓርብ፣ በቢሮውም ዓርብ። አቶ ቶሎ ግን 17:30 ላይ ኮምፒውተራቸውን ዘግተው ሄደዋል፤ ዓርብ የሚያልቀው እሳቸው ኮታቸውን ሲለብሱ ነው። ወይዘሪት መቼ ብቻዋን ፈገግ አለች።

ሁለተኛው ከአምስት ወር በፊት ነው። ያኔ አቶ ቶሎ ወደ ምሥራቅ መሐንዲሷ ዘንድ ለጉብኝት ሄደው ነበር። እዚያ ሆነው በወይዘሪት መቼ በኩል ሳያልፉ ከስልካቸው በቀጥታ «ነገ ጠዋት ደንበኛው ይፈልገዋል» ብለው ለጋሽ ማስመሪያ ልከዋል። የላኩበት ሰዓት እሳቸው ባሉበት ረቡዕ 01:30 ነው። አቶ ቶሎ ስላልተኙ ነገ ያሉት ያንኑ የጀመረውን ረቡዕ ነበር። አዛውንቱ ዘንድ ግን መልእክቱ ሲደርስ ገና ማክሰኞ 13:30 ነው። ነገ ማለት ረቡዕ፣ ጠዋት ማለት የቢሮው ጠዋት ብለው ረቡዕ 01:50 በሳቸው፣ 08:50 በቢሮው ሰዓት አደረሱ። አቶ ቶሎ ባሉበት 13:50 ሆኗል፣ ደንበኛው ስብሰባውን ጨርሶ ሄዷል።

«አንድ ነገ፣ ሦስት ጠዋት» አለች ወይዘሪት መቼ ጮክ ብላ። እጅ ከፍንጅ ይዛቸዋለች። አቶ ቶሎ ፊት ይህንን ወረቀት ስትዘረጋው እንዴት ዓይናቸው እንደሚፈጥ እያሰበች በወንበሯ ላይ ተሽከረከረች። ሌላው ቀርቶ ድምፁን ልትለማመደው ጀምራ ነበር፦ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በማን ሰዓት?»

ሦስተኛውን ከፈተች። ያለፈው ወር ነው። ሰኞ ሁሉም በየኮምፒውተሩ የሚገኝበት ስብሰባ ነበረ፣ ጋሽ ማስመሪያ አልተገኙም። መልእክቱ በሚያምር ሁኔታ የተጻፈ ነው። «ስብሰባ፦ ሰኞ 16:00 በቢሮው ሰዓት፤ ይኸውም 09:00 በጋሽ ማስመሪያ፣ 21:00 በመሐንዲሷ። ካልተገኙ፦ ውሳኔው ያለእርስዎ ያልፋል።» ይህንን ማን ጻፈው ማለት አያስፈልግም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ምን ሊሳሳት ይችላል ብላ በኩራት ወደ ዓምዶቿ ተመለሰች። ቀኑን አየች። ከዚያም ብዕሯን አስቀመጠች።

በጋሽ ማስመሪያ አገር የቀኑን ብርሃን ለመጠቀም ሲባል በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱታል። የቢሮውም አገር እንዲሁ ያደርጋል፤ ግን ሁለቱ በአንድ ቀን አያደርጉትም። ከስብሰባው በፊት በነበረው እሑድ እነ ጋሽ ማስመሪያ ሰዓታቸውን ወደ ፊት ገፍተዋል፤ ቢሮው የገፋው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ልዩነቱ ሰባት ሳይሆን ስድስት ነበር። 16:00 በቢሮው ማለት 10:00 በሳቸው ማለት ነው። እሷ ግን የሁልጊዜውን መልእክት ከበፊቱ ገልብጣ፣ ቀኑን ብቻ ቀይራ፣ 09:00 ብላ ልካለች። ደግሞ በእርግጠኝነት!

ኮምፒውተሯ ላይ የስብሰባውን ገጽ ከፈተች፣ በጎኑ ያለውን ማንም የማያነበውን የጽሑፍ ጥግ። እዚያ አገኘቻቸው። ጋሽ ማስመሪያ በ09:00 በሰዓታቸው፣ ልክ እንደተባሉት ገብተዋል። በ09:20 «እንደምን ዋላችሁ፣ ማንም የለም። ልጠብቅ?» ብለዋል። በ09:45 «የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አለኝ፣ ይቅርታ። የምፈለግ ከሆነ ጻፉልኝ» ብለዋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁሉም ገብቶ፣ አቶ ቶሎ ስም ጠርተው፣ «ቀሩ» ብለው ጽፈዋል። ሰውዬው የሚባረሩት አንድ ሰዓት ቀድመው በመምጣታቸው ነው፣ ያስቀደመቻቸውም እሷ ነች።

ያን ቀን እቤቷ ስትገባ እናቷ ፊቷን አይተው ያንን ነገር ረስታ መምጣቷን እንኳ አላነሱባትም። ነገሩን ነገረቻቸው፣ ዓምዶቹን ሳይቀር። እናቷ ሰዓቶቹን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው አሳለፏቸው።

«ሰውዬው ዓይናቸውን ምን ሆኑ?» አሉ።

«ማን?»

«ሐኪም ጋ የሄዱት ናቸዋ።»

ወይዘሪት መቼ ስምንት ወር ሙሉ ከሰውዬው ጋር በቀን ሦስት ጊዜ ስትጻጻፍ አንድም ቀን ደህና ነዎት ወይ ብላ አልጠየቀቻቸውም። ያንን የመሰለውን መስመር ሁሉ ስትሰርዝ ነው የኖረችው። አፈረች፤ እንዲያውም ከጥፋቷ ይልቅ ይኼኛው አሳፈራት።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። አማራጭ ነበራት። ሦስተኛውን ሳትጠቅስ ሁለቱን ብቻ ብታነሣ አቶ ቶሎ አያውቁም። ወይ ደግሞ ምንም ሳትል እስከ ረቡዕ 17:00 ብትጎተት ውሉ በራሱ ይታደሳል። ይኼኛው በጣም ያማልላል፤ ችግሩ ወይዘሪት መቼ የተቀጠረላትን ሰዓት ማሳለፍ የማትችል ፍጡር ናት፣ ሞክራ ነበር፣ ከ16:00 ጀምሮ እጇን ይበላታል። ደግሞስ ሰውዬው ታሪካቸው ሳይጠራ ቢቆዩ በሚቀጥለው ዓመት ያው ሦስት ማርፈድ ይጠብቃቸዋል።

ረቡዕ 16:00 ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ይዛ አቶ ቶሎ ቢሮ ገባች። አቶ ቶሎ አነበቡ።

«ውሳኔ፦ የጋሽ ማስመሪያ ውል አይታደስም። የሚሰናበቱት፦ ስላረፈዱ። አንደኛ፦ ዓርብ እስኪያልቅ እንዲያደርሱ ተጠይቀው ዓርብ አድርሰዋል፤ ጠያቂው ወደ ቤታቸው ሄደው ነበር። ሁለተኛ፦ ለነገ ጠዋት ተጠይቀው በማግስቱ ማለዳ አድርሰዋል፤ ጠያቂው ነገ ሲሉ ዛሬን ማለታቸው ነበር። ሦስተኛ፦ ለ09:00 ተጠርተው 09:00 ላይ ተገኝተዋል፤ ጠሪዋ የሰዓቱን ለውጥ ሳታስተውል ቀርታ በአንድ ሰዓት አሳስታቸዋለች። ቅሬታ ካለዎት፦ ሊኖርዎት ይገባል።»

ከታች መነጽር ሻጩ መስታወት ሲወለውል ይሰማል።

«ይኼ ማሰናበቻ ነው ወይስ መሳለቂያ?» አሉ አቶ ቶሎ።

«ማሰናበቻ ነው። ምክንያቱን ፈልጊ ብለውኝ ፈለግኩ። ቀኖቹ ከነመልእክቶቹ ከጀርባው አሉ።»

አቶ ቶሎ ገልብጠው አዩ። የገዛ መልእክቶቻቸውን አንድ በአንድ ሲያነቡ አንገታቸው ቀላ። ሦስተኛው ጋ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ። ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ቀስ እያለ፣ ሰፊ የሆነ ፈገግታ ፊታቸውን ሞላው።

«ወይዘሪት መቼ! አንቺ? አንቺ ነሽ ሰዓት የተሳሳትሽው?»

«አዎ።»

«በማን ሰዓት?»

ስትለማመደው የነበረው ነገር ነው፤ ቀደሟት። «በሁሉም» አለች።

አቶ ቶሎ ሳቁ፣ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። እንባቸውን ሲጠርጉ ቆይተው ብዕር አነሡና አንደኛውንና ሁለተኛውን በሰፊው ሰረዙ። «ጥሩ ነው። ሦስተኛው ይቀመጥ። እሱ ብቻ ይበቃል። ጠሪዋ ምናምን የሚለውን አውጪውና ላኪው።»

«እንዲያ ከሆነ አድራሻው ተሳስቷል» አለች ወይዘሪት መቼ። ድምጿ እንደምትፈልገው አልጠነከረም። «ሦስተኛው የኔ ጥፋት ነው። በሱ ሰው ይሰናበት ካሉ ደብዳቤው ለኔ ይሁን። ሌላውን ቃል መቀየር አያስፈልግም፣ ስሙን ብቻ።»

«አንቺን ማን አለሽ?»

«ወረቀቱ ነው የሚለው።»

አቶ ቶሎ ብዕራቸውን ጣሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ችኩል ነበሩ፣ ከችኩልነታቸው በኋላ የቀረውን ቆሻሻ ደግሞ ማየት አይወዱም። «እሺ፣ ምክንያቱን ሁሉ ተዪው። ያንን የመጀመሪያውን የኔን ላኪው፣ በሌላ መልክ ሊታይ ምናምን የሚለውን።»

«እሱን እኔ መጻፍ አልችልም። እንዲያ ያለ ጽሑፍ ላይ እርስዎ ይበልጡኛል።»

«እኔው እልካለሁ!» ብለው ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ። 16:21 ነበር። ወይዘሪት መቼ አልወጣችም፤ ውጪም አላሏት። አቶ ቶሎ ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ። «በአንዳንድ የሰዓት አጠባበቅ ጉድለቶች ምክንያት» ብለው ጻፉ። ቆም አሉ። የማን ጉድለት እንደሆነ አለመጻፋቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ታያቸው። ሰረዙት። «ከጊዜ በኋላ» ብለው ጻፉና ወደሷ ሳይዞሩ «ከየትኛው ጊዜ ልትዪኝ ነው» አሉ። ያንንም ሰረዙት። የማያዩትን ነገር አንዴ ካዩ በኋላ እንዳላዩ መሆን ከባድ ነው፤ ወይዘሪት መቼ ስምንት ወር ሙሉ በየመልእክቱ ስትጠይቅ ጥያቄው በሳቸውም ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ኖሯል።

16:48 ላይ ሙሉውን አጠፉት። ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደገፉ።

«ልጁ በመስኮት ይሰማኝ ነበር» አሉ እንደማዘን ብለው። ከዚያ «ይታደስ። ግን እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፦ ምናልባት ባለፉት ጊዜያት በመካከላችን አንዳንድ የሰዓት አለመግባባቶች ተፈጥረው ከሆነ...»

ወይዘሪት መቼ ቁጭ ብላ ጻፈች። ስትጨርስ አነበበችላቸው።

«ውድ ጋሽ ማስመሪያ፣ ውልዎ ለአንድ ዓመት ይታደሳል። ሦስት ጊዜ አርፍደዋል ብለን ነበር፤ አንዱንም አላረፈዱም። ሁለቱን ያሳሳቱት ሥራ አስኪያጁ ናቸው፣ ሦስተኛውን እኔ ነኝ። ሁለታችንም ይቅርታ እንጠይቃለን። ከእርስዎ የሚፈለግ ነገር የለም። ዓይንዎን ሐኪሙ ምን አለዎት?»

«የመጨረሻው ምንድን ነው?» አሉ አቶ ቶሎ።

«ጥያቄ ነው።»

«ቀነ ገደብ የለውም እኮ።»

«የለውም» አለች።

አቶ ቶሎ «ያሳሳቱት ሥራ አስኪያጁ» የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ቆዩ። ከዚያ ጣታቸውን አነሡ። 16:53 ላይ ተላከ።

መልሱ የመጣው በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ነው። ጋሽ ማስመሪያ ዘንድ ገና 10:04 ነበር። አቶ ቶሎ ኮታቸውን ለብሰው ሊወጡ ሲሉ ድምፁን ሰምተው ተመለሱ፣ ከትከሻዋ በላይ ጎንበስ ብለው አብረው አነበቡ።

«መልእክታችሁ ደረሰኝ፣ አከበራችሁኝ። ሐኪሙ ዓይኔ ጤነኛ ነው፣ እንቅልፍ ነው ያጣው ብሎኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ያን ዓርብ አረፈድክ ከተባልኩ ወዲህ እንዳላሳፍራችሁ ብዬ በእናንተ ሰዓት ነው የምሠራው። እናንተ ቢሮ ስትገቡ እኔ ዘንድ 02:00 ነው፣ ያኔ እነሣለሁ፤ ቀን ደግሞ እናንተ እስክትወጡ እጠብቃለሁ። ባለቤቴ መብራቱ ሲረብሻት ወደ ሌላው ክፍል ከሄደች ዘጠኝ ወር ሆኗታል። አልተቆጣሁም፣ እንዲያው ለማወቅ ነው። እንግዲህ መተኛት እችላለሁ?»

ወይዘሪት መቼ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ለመደበቅም አልሞከረችም። እስካሁን የጻፈቻቸው 16:00 እና 09:00 ሁሉ፣ ያ ሁሉ የተስተካከለ ዓምድ፣ አንዱም ቦታ «ከዚህ በፊት አይነሡ» አይልም ነበር። የማድረሻውን እንጂ የመተኛውን ሰዓት ማንም ጽፎላቸው አያውቅም።

አቶ ቶሎ ወንበር ስበው ኮታቸውን እንደለበሱ ቁጭ አሉ። «ጻፊላቸው» አሉ። «አንደኛ፣ አዎ ይችላሉ በዪ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዛሬ። ከዛሬ ማታ፣ በሳቸው ዛሬ። እና ከ09:00 በፊት በሳቸው ሰዓት ማንም ምንም አይፈልግም። እኔም ጭምር። ስሜን ጻፊው፣ ሥራ አስኪያጁም ጭምር በዪ።»

ጻፈች። ቀኑን አስገባች፣ የሰዓት ለውጡን ሁለት ጊዜ አየች። አራተኛው መስመር፣ ሁልጊዜ «ካልደረሰ» የሚለው ጋ ስትደርስ ቀና ብላ «ካልሆነስ?» አለቻቸው።

አቶ ቶሎ አሰቡበት። በሕይወታቸው ይህንን ያህል ያሰቡበት መልእክት አልነበረም።

«ካልተኙ» አሉ በመጨረሻ፣ «ለባለቤታቸው እንደውላለን በዪ።»